አስናቀ ወይስ አስናቀች? ፎቶው የቆረጠውን ጽሑፍ እንዳለ መገልበጥ

ፍርድ ቤት ወይም ክፍለ ከተማ ባለበት አካባቢ የኮምፒውተር ጽሕፈት የሚሠሩ ትንንሽ ቤቶች አይጠፉም። ቀድሞ ደንበኛው ወረቀቱን በእጁ ይዞ ይመጣ ነበር። ዛሬ ግን ብዙ ጊዜ የሚመጣው የወረቀቱ ፎቶ ነው። ልጁ ከክፍለ ሀገር አንስቶ በቴሌግራም የላከው የልደት ካርድ፣ ወንድሙ ከጅዳ የላከው የውክልና ወረቀት፣ የቆየ የብድር ውል፣ የተቀደደ ደረሰኝ። ፎቶ አንሺው ስልኩን ትንሽ አዘንብሎ ከሆነ፣ ወይም ወረቀቱ ከማያ ገጹ ስፋት በጥቂቱ በልጦበት ከሆነ፣ በስተቀኝ ያሉት የመስመር መጨረሻዎች በጠርዙ ይበላሉ። ጸሐፊዋ «ገብረ መ» የሚል ታያለች፤ ከ«መ» በኋላ ፎቶው አልቋል። ጣቷ ግን «ገብረ መድኅን» ብሎ ይጨርሰዋል።

መድኅን ይሁን መስቀል ፎቶው አይናገርም። ጸሐፊዋ ግን እየገመተች እንደሆነ አይታወቃትም፤ ያነበበች ነው የሚመስላት። እዚህ ላይ ሰነፍ ወይም ቸልተኛ ናት ማለት አይቻልም። የማንበብ ችሎታ ራሱ የሚሠራው እንዲህ ነው። አሜሪካዊው ጄምስ ማኪን ካቴል በ1886 (እ.ኤ.አ.) ላይፕዚግ ውስጥ ሆኖ ባደረገው ሙከራ፣ ሰው ለቅጽበት ብልጭ ብሎ የጠፋ ቃልን ለመለየት ነጠላ ፊደልን ከመለየት ብዙም የበለጠ ጊዜ እንደማይፈጅበት አሳየ። ጄራልድ ራይከር ደግሞ በ1969 (እ.ኤ.አ.) ነገሩን ጠበቅ አድርጎ ፈተነው። አንድ ፊደል በትርጉም ያለው ቃል ውስጥ ሲቀመጥ፣ ለብቻው ወይም በተዘበራረቁ ፊደላት መካከል ከሚቀመጥበት ጊዜ ይልቅ በትክክል ይለያል። በሌላ አነጋገር ዐይን ፊደል በፊደል እየቆጠረ አይሄድም፤ ቃሉ ፊደሎቹን ይጎትታቸዋል። ጎበዝ አንባቢ በሆኑ ቁጥር ደግሞ ጉተታው ይበረታል። ፊደል ገና የሚቆጥር ልጅ «ገብረ መ» የሚለውን እንዳለ አንብቦ ዝም ይላል፤ ሠላሳ ዓመት ሰነድ የጻፈ ሰው ግን ይጨርሰዋል።

እንደ እውነቱ ከሆነ መቆረጡ በግልጽ የሚታይ ቃል ያን ያህል አደገኛ አይደለም። «ገብረ መ» ብሎ የሚያበቃ ስም እንደሌለ ማንም ያውቃል፤ ቢያንስ ቆም ብሎ የመጠየቅ ዕድል አለ። የከፋው፣ ከተቆረጠ በኋላም ሙሉ ቃል መስሎ የሚቀረው ነው። አማርኛ በዚህ በኩል በጣም ያስቸግራል። ከአስናቀች መጨረሻ ላይ አንዷን ፊደል ቢያነሱ አስናቀ ይቀራል፤ ሴቲቱ ወንድ ሆነች። ከበደችና ከበደ፣ ታደለችና ታደለ፣ አበበችና አበበም እንደዚያው። በፎቶው ላይ የሚታየው ስም ጉድለት የሌለበት፣ ማንም የሚያውቀው የወንድ ስም ነው። የሚያስጠረጥር ነገር የለውም።

ግሡም ሌላ ጣጣ አለው። የአማርኛ ዓረፍተ ነገር በግሥ ይዘጋል፤ ማን እንዳደረገው የሚናገረው ብዙውን ጊዜ የግሡ ጭራ ነው። ስለዚህ የመስመሩ ቀኝ ጫፍ የዓረፍተ ነገሩም ጫፍ በሆነ ጊዜ፣ ጠርዙ የሚወስደው ባለቤቱን ነው። «ገንዘቡን ሰጥ» ብሎ የቆመ መስመር ሰጥቻለሁ፣ ሰጥቷል፣ ሰጥታለች ወይም ሰጥተዋል ሊሆን ይችላል። ገንዘቡ መሰጠቱ ተጽፎ ቀርቷል፤ ማን ሰጠ የሚለው ከፎቶው ውጭ ነው። ውል ላይ ደግሞ የሚያከራክረው እሱ ነው።

ከቃል ወደ ፊደል ሲወረድ ነገሩ ይብሳል።

«የሚታየውን ብቻ ገልብጥ» የሚለው መመሪያ ቀላል የሚመስለው፣ አንድ ፊደል ወይ ይታያል ወይ አይታይም ተብሎ ስለሚታሰብ ነው። የኛ ፊደል ግን በጎኑ፣ በእግሩና በራሱ ላይ በሚቀጠሉ ትንንሽ ምልክቶች ድምፁን የሚለውጥ ነው። የ«በ»ን ቤት እንውሰድ። ካዕቡ ቡ በቀኝ ጎኑ መካከል ላይ ጭረት አለው። ሣልሱ ቢ ጭረቱን በቀኝ እግሩ ጫፍ ላይ ያደርጋል። ኃምሱ ቤ እዚያው ቀኝ እግር ጫፍ ላይ ቀለበት አለው። ሦስቱም መለያዎች ያሉት በስተቀኝ ነው። ፎቶው የመጨረሻውን ፊደል ቀኝ ጎን በክር ስፋት ያህል ብቻ ቢቆርጠው፣ ቡም ቢም ቤም በዐይን የሚታዩት በ ሆነው ነው። ግማሽ በ አይደለም፤ ምንም ያልጎደለው፣ ሁለት እግሩ የቆመ በ። አንድ ሰው ታማኝ ሆኖ የሚታየውን ቢገለብጥ እንኳ፣ «ምግብ ቤት» ከሚለው ጽሑፍ ላይ «ምግብ በ» ብሎ ሊጽፍ ነው ማለት ነው።

ከታች ሲቆረጥ የሚደባለቁት ሌሎች ናቸው። የገጹ የመጨረሻ መስመር ወገቡ ላይ ቢቀር፣ ባ ግራ እግሩ ማጠሩ፣ ቦ ቀኝ እግሩ ማጠሩ፣ ቢ ጭረቱ፣ ቤ ቀለበቱ ሁሉም አብረው ይሄዳሉ። የቡ ጭረት ወገቡ ላይ፣ የብ ደግሞ በግራ ጎኑ ስለሆነ ሁለቱ ሊተርፉ ይችላሉ። ከላይ ሲቆረጥ ደግሞ ሸ ቆቡን አውልቆ ሰ ይሆናል፤ ኘም ነ። የሱቅ ማስታወቂያ ላይ «ሸማ» የተባለው ጨርቅ ፎቶው አናቱን ቢበላው «ሰማ» ተብሎ ይነበባል፤ ሁለቱም ደግሞ የታወቁ ቃላት ናቸው።

ለዚህ ነው ነገሩን በደንብ የሚያውቁ ሰዎች ከፊደሉ በፊት ባዶ ቦታውን የሚያዩት። የመጨረሻው ፊደልና የፎቶው ጠርዝ መካከል ምን ያህል ወረቀት ይታያል? ፊደሉ ጠርዙን ከነካ ወይም ሊነካ ከደረሰ፣ ምንም ያህል ሙሉ ቢመስል አጠራጣሪ ነው። ከአንድ ፊደል ወደ ሌላው ያለው የተለመደ ክፍተት ያህል ባዶ ከታየ ፊደሉ አልቋል ማለት ይቻላል፤ ቃሉ ማለቁ ግን ገና አልተረጋገጠም። በቃልና በቃል መካከል ካለው ክፍተት በጣም የሚሰፋ ባዶ ወረቀት ከታየ ቃሉም አልቋል። በድሮ አጻጻፍ ሁለት ነጥብ የሚያደርግ ጽሑፍ ከሆነ ሥራው ይቀላል፤ በጠርዙ ላይ ፡ ከታየ ቃሉ እዚያ መዘጋቱን ጸሐፊው ራሱ ነግሮናል።

ቀጥሎ የሚታየው ጠርዙ የማን እንደሆነ ነው። የፎቶው ጠርዝና የወረቀቱ ጠርዝ አንድ አይደሉም። ከወረቀቱ ባሻገር ጠረጴዛው፣ የሶፋው ልብስ ወይም የያዘው ሰው አውራ ጣት ከታየ፣ በዚያ በኩል የጠፋ ነገር ካለ የጠፋው ከወረቀቱ ነው፤ ሌላ ፎቶ ማስነሳት አይጠቅምም። ቅጽ ከሆነ ደግሞ የሠንጠረዡ የቀኝ መስመር መታየቱ ብቻውን በቂ ምስክር ነው። ፎቶው ዘንበል ብሎ ሲነሳ መቆረጡም አብሮ ይዘነብላል። ላይኛው መስመር ምንም ሳይጎድለው የታችኛው ሁለት ሦስት ፊደል ያጣል። ስለዚህ አንዱን መስመር አይቶ «አልተቆረጠም» ብሎ ገጹን ሁሉ ማመን ያሳስታል፤ ጠርዙን ከላይ እስከ ታች መከተል ያስፈልጋል።

በብራና መጻሕፍት ላይ ሌላ ወጥመድ አለ፤ እሱም ተቃራኒው ነው። የግዕዝ ጸሐፊዎች መስመሩ ሲሞላባቸው ቃሉን የትም ቦታ ከፍለው ቀሪውን ወደሚቀጥለው መስመር ያወርዱታል። ለመከፈሉ ምልክት አያደርጉም። የላቲን ፊደል የለመደ ዐይን ይህን ሲያይ ፎቶው የቆረጠው ይመስለዋል፤ መድኀኒቱ የሚቀጥለውን መስመር መጀመሪያ ማየት ነው። ነገሩ የብዙ ሺህ ገጽ ጉዳይ ነው። ከ1973 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም ሲነሱ ቆይተው፣ ከ9,000 የሚበልጡ መጻሕፍት ቅጂ አሜሪካ ሚኒሶታ በሚገኘው የቅዱስ ዮሐንስ ገዳም ቤተ መጻሕፍት ተከማችቷል። ከነዚህ ውስጥ ብዙዎቹን መርምረው በካታሎግ ያሰፈሩት ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ናቸው። በፊልም የተነሣ መጽሐፍ ሲገለጥ መካከሉ፣ ስፌቱ ዘንድ፣ ወደ ውስጥ ይጎብጣል። እዚያ ያሉት ፊደላት በጥላ ይዋጣሉ። የፊልሙን ቅጂ ብቻ ይዞ የሚሠራ ተመራማሪ ብራናውን ገልጦ ማየት አይችልም፤ ያለው ማስረጃ ያ ጥላ ነው።

የጥንት ጽሑፍ የሚያጠኑ ሰዎች ለዚህ መላ ካበጁ ቆይተዋል። ከግብፅ አሸዋ የሚወጣ የፓፒረስ ቁራጭ ሁሌም ጠርዙ የተበላ ስለሆነ፣ እያንዳንዱ አሳታሚ የጎደለውን በየራሱ ምልክት ሲያሳይ አንባቢ ግራ ይጋባ ነበር። በ1931 (እ.ኤ.አ.) ኔዘርላንድስ ውስጥ ላይደን ከተማ የተሰበሰቡ ምሁራን በአንድ ምልክት ተስማሙ፤ እስከ ዛሬም የላይደን ሥርዓት ይባላል። ለፎቶ ሥራ ከሱ ሦስት ነገር ብቻ መውሰድ ይበቃል። የጠፋ ነገር በማዕዘን ቅንፍ ይታጠራል። የጠፉት ፊደላት ብዛት ከታወቀ በቅንፉ ውስጥ በዚያው ልክ ነጥብ ይደረጋል፤ ካልታወቀ ሰረዞች ይገባሉ። በከፊል የሚታይና ሌላም ሊሆን የሚችል ፊደል ደግሞ ከሥሩ ነጥብ ይደረግበታል። በዚህ አጻጻፍ ያ ስም «ገብረ መ̣[---]» ይሆናል። ከመ ሥር ያለችው ነጥብ «መ ይመስላል፤ ቀኝ ጎኑን ግን አላየሁትም» ማለቷ ነው። ገልባጩ ግምቱን ማሳወቅ ከፈለገም በቅንፉ ውስጥ አስገብቶ ይጽፈዋል፤ አንባቢው ከወረቀቱ የመጣውንና ከገልባጩ ራስ የመጣውን ይለያል።

በስልክና በተራ የኮምፒውተር ፊደል ያቺ ነጥብ ከቦታዋ ትሸሻለች፤ አንዳንዴም ጭራሽ አትታይም። ለዕለት ሥራ «[ተቆርጧል]» ብሎ በቃል መጻፍ ያው ነው። ወደ ውጭ የሚላክ ሰነድ የሚተረጉሙ ሰዎች የሚያደርጉትም ይህንኑ ነው። የአሜሪካ የኢሚግሬሽን ደንብ በውጭ ቋንቋ የተጻፈ ሰነድ ሲቀርብ ሙሉ የእንግሊዝኛ ትርጉሙ አብሮት እንዲቀርብ፣ ተርጓሚውም ትርጉሙ የተሟላና ትክክለኛ መሆኑን በፊርማው እንዲያረጋግጥ ይጠይቃል። አንድ ሰው በዋሽንግተን አካባቢ ተቀምጦ ከጎንደር በተላከለት ፎቶ ላይ «ገብረ መ» ያለውን «ገብረ መስቀል» ብሎ ቢተረጉም፣ የፈረመው ባላየው ነገር ላይ ነው። በኛ አገር የቤተሰብ ስም የለም፤ ሰው የሚታወቀው በአባቱና በአያቱ ስም ነው። ስለዚህ የተሳሳተው አያት በአንዱ ወረቀት መስቀል፣ በፓስፖርቱ ደግሞ መድኅን ሆኖ ሲገኝ ሁለቱ ወረቀቶች የአንድ ሰው መሆናቸው ያጠያይቃል። «[ተቆርጧል]» የሚለው ግን ከማንኛውም ወረቀት ጋር አይጋጭም።

አንድ ወረቀት ይዘን እስከ መጨረሻው እንሂድ። ለማሳያ የተዘጋጀ ነው እንጂ የማንም ሰነድ አይደለም። የገንዘብ መቀበያ ነው፤ በእጅ የተጻፈ፤ ቀኝ ጎኑ በፎቶው ጠርዝ የተቆረጠ። የሚታየው ይህ ነው፦

```
ቀን 14/05/198
እኔ ወ/ሮ አስናቀ
ከአቶ ከበደ ገብረ መ
ብር 12,50
(አሥራ ሁለት ሺህ አምስት
ገንዘቡን ተቀብ
```

ከቀኑ እንጀምር። ዓመቱ አንድ አኃዝ ጎድሎታል፤ ስለዚህ ከ1980 እስከ 1989 ካሉት አንዱ ነው። ነገር ግን ከዓመቱ በኋላ «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» የሚል ነበረ ወይ? እሱም ከጠርዙ ባሻገር ነው። በኛ አቆጣጠር ከሆነ 05 ጥር ነው፤ ዓመቱ በፈረንጅ ሲቆጠር ከ1988 እስከ 1997 ይወድቃል። በፈረንጅ ከተጻፈ ግን 05 ሜይ ነው፤ ዓመቱም ያው ከ1980 እስከ 1989። የተቆረጠው ወረቀት ስፋት ምናልባት አንድ ሴንቲ ሜትር ነው፤ የዘመኑ ስፋት ግን ከ1980 እስከ 1997 ሆነ። ገልባጩ የሚጽፈው «14/05/198[---]» ብቻ ነው። ጸሐፊዋ ግን ሌሎች ደረሰኞች 1985 እንደሆኑ ስለምታውቅ 5ን ልትጨምር ትችላለች። ቁጥር ደግሞ እንደ ቃል የራሱ መሄጃ የለውም፤ ከ198 በኋላ አሥሩም አኃዞች እኩል ይገባሉ።

ሁለተኛው መስመር ልብ ይፈትናል። «ወ/ሮ» ብሎ የጀመረ መስመር «አስናቀ» ብሎ አያበቃም፤ አስናቀች ናት ማለት ይቻላል፤ የሚከራከርም ላይኖር ይችላል። ይሁንና ግልባጩ «አስናቀ[---]» ነው። ምክንያቱም ከአስናቀች በኋላ የአባቷ ስምም ሊኖር ይችላል፤ ችን ጨምሮ ቅንፉን የዘጋ ሰው የአባቷን ስም አብሮ ይሰርዘዋል። «ወ/ሮ ስለሚል አስናቀች ሳይሆን አይቀርም» የሚለው ሐሳብ ዋጋ አለው፤ ቦታው ግን ከግልባጩ በታች፣ ማስታወሻ ውስጥ ነው።

ሦስተኛውን አይተነዋል። አራተኛውና አምስተኛው ግን እርስ በርስ የሚረዳዱ ስለሆኑ ጥሩ ናቸው። «12,50» ብቻውን ቢሆን 12,500 ሊሆን ይችላል፤ ከ12,501 እስከ 12,509 ካሉት አንዱም ሊሆን ይችላል፤ በእጅ ጽሑፍ ነጠላ ሰረዝና ነጥብ ስለሚመሳሰሉ አሥራ ሁለት ብር ከሃምሳ ሳንቲምም ሊሆን ይችላል። በፊደል የተጻፈው «አሥራ ሁለት ሺህ አምስት» ይላል። ይህም ብቻውን ቢሆን «አምስት መቶ» ወይም «አምስት ብር» ነበር፤ ማለትም 12,500 ወይም 12,005። ሁለቱ ሲገናኙ ሃምሳ ሳንቲሙም ወደቀ፣ 12,005ም ወደቀ፤ ምክንያቱም በአኃዙ ላይ ከነጠላ ሰረዙ በኋላ የሚታየው 50 ነው። የቀረው ከ12,500 እስከ 12,509 ነው። ጸሐፊዋ ዐይኗን ሳታሽ «12,500» ብላ ጽፋ ቢሆን ኖሮ ምናልባት ልክ ትሆን ነበር፤ ነገር ግን ዘጠኝ ብር የሚጣላ ሰው ካለ እሷ የጻፈችው ማስረጃ ሆኖ አይቆምም። እዚህ ላይ መረሳት የሌለበት፣ ይህን ማመዛዘን የተቻለው ሁለቱም መስመሮች ሳይሞሉ በመገልበጣቸው ነው። አንዱ በግምት ተሞልቶ ቢሆን ሌላውም በሱ ልክ ይሞላ ነበር፤ ከዚያ ሁለት ግምቶች እርስ በርስ ሲመሰካከሩ ማስረጃ ይመስላሉ።

የመጨረሻው «ተቀብ» ነው። «እኔ» ብሎ ስለጀመረ ተቀብያለሁ የሚለው ይቀናል። ይሁን እንጂ በሁለተኛው መስመር የተቆረጠው ቦታ ላይ «እና» ብሎ ሌላ ሰው ገብቶ ቢሆንስ? ያኔ ተቀብለናል ይሆናል። ብሩን የተቀበለው አንድ ሰው ይሁን ሁለት፣ የሚወሰነው በዚያ አንድ ሴንቲ ሜትር ነው።

ማሽንም ከዚህ ፈተና አላመለጠም። በ2013 (እ.ኤ.አ.) ጀርመናዊው የኮምፒውተር ባለሙያ ዳቪድ ክሪዘል የአንድ ቤት ፕላን በዜሮክስ ማሽን ስካን ሲያደርግ፣ በወረቀቱ ላይ 14.13፣ 21.11 እና 17.42 ካሬ ሜትር የነበሩት ሦስት ክፍሎች በቅጂው ላይ ሦስቱም 14.13 ሆነው አገኛቸው። ማሽኑ ፋይሉን ለማሳነስ የሚመሳሰሉ ምስሎችን ፈልጎ አንዱን በሌላው ቦታ የሚደግም ዘዴ ይጠቀም ነበር። ውጤቱ የደበዘዘ ቁጥር ቢሆን ኖሮ ሰው ይጠራጠር ነበር። የወጣው ግን ጥርት ያለ፣ ደማቅ፣ የተሳሳተ ቁጥር ነው። ክሪዘል የነቃውም ትልቁ ክፍል ከትንሹ ጋር እኩል መባሉን ስላየ ነው፤ ክፍሎቹ የሚቀራረቡ ቢሆኑ ኖሮ ማንም ባላወቀ።

ጽሑፍን ከፎቶ ላይ የሚያነቡ ፕሮግራሞች ሲሠሩም ይኸው ጥያቄ ከመጀመሪያው ይነሣል። ፕሮግራሙ የሚማረው ሰዎች አስቀድመው ከገለበጧቸው ብዙ ሺህ ምስሎች ነው። ምስሉ «ምግብ ቤ» ላይ ተቆርጦ ሳለ ገልባጩ «ምግብ ቤት» ብሎ ቢሰጠው፣ ፕሮግራሙ የሚማረው ት የሚባለው ፊደል ምን እንደሚመስል አይደለም። የሚማረው ከቤ በኋላ ጠርዝ ካየ ት መጨመርን ነው። ነገ «ቤተ መጻሕፍት» የሚል ሰሌዳ ቤ ላይ ተቆርጦ ሲቀርብለት ቤት ይለዋል፤ በድፍረት። በዘርፉ ታዋቂ በሆነው በ2015ቱ (እ.ኤ.አ.) ዓለም አቀፍ ውድድር፣ ጎግል ግላስ በተባለው መነጽር ሳይታሰብባቸው የተነሡ 1,500 ፎቶዎች ቀርበው ነበር። ሊነበብ ያልቻለው ቃል ሁሉ ### ተብሎ ተመዘገበ፤ ፕሮግራሞቹም በሱ አይመዘኑም ተባለ። ሰዎቹ ቃሉን መገመት አቅቷቸው አይደለም።

ለሁሉም ነገር ወሰን አለው። ቃሉን ለመፈለግ የሚያገለግል ማውጫ የሚያዘጋጅ ሰው «ገብረ መ[---]» ብቻ ብሎ ቢተወው፣ «መድኅን» ብሎ የሚፈልግ ዘመድ ምንም አያገኝም። ስለዚህ በቤተ መዛግብት ሥራ ሁለት መስክ ይደረጋል፤ በአንዱ የሚታየው፣ በሌላው የሚገመተው ይገባል፤ ሁለተኛው አንደኛውን መንካት የለበትም። ደግሞም ልማድ የሆነ አባባል፣ ለምሳሌ የደብዳቤ መዝጊያ «ከሰላምታ ጋ» ላይ ቢቀር፣ የጠፋው ር መሆኑ አያከራክርም፤ በቅንፍ አስገብቶ «ጋ[ር]» ማለት ማንንም አይጎዳም። ይሁንና ልማድ ያለበት ቦታ ሁሉ አይታመንም። በብራና መጻሕፍት ላይ የባለቤቱ ስም የሚጠራበት ጸሎት ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት ቃል ይሄዳል፤ ስሙ ጋ ሲደርስ ግን መጽሐፉ እጅ በለወጠ ቁጥር የድሮው ተፍቆ አዲሱ ይጻፍበታል። በአንዱ ገጽ ያለውን ስም አይቶ የሌላውን ገጽ የተቆረጠ ስም የሚሞላ ሰው፣ ምናልባት በመጽሐፉ ሁለት ባለቤቶች ፋንታ አንድ ያስቀራል።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ጠርዙ እውነተኛ ጠርዝ መሆኑን ማጣራት ይቀድማል፤ ብዙ ጸሐፊዎች ይህን ይዘሉታል። የመልእክት መላኪያ መተግበሪያዎች በንግግሩ መስኮት ውስጥ የሚያሳዩት የፎቶውን ቅንጫቢ ሊሆን ይችላል፤ ፎቶው ተነክቶ ሲከፈት የጠፋው ፊደል ቁጭ ብሎ ይገኛል። የስልክ ስካነሮችም የወረቀቱን ዳር በራሳቸው ገምተው ይቆርጣሉ፤ የሚሳሳቱት በተለይ ነጭ ወረቀት ነጭ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ነው፤ ያልተቆረጠው ዋና ፎቶ ብዙ ጊዜ እዚያው ስልኩ ውስጥ አለ። ሁለቱም ካልሆነ ላኪው እንደገና እንዲያነሣ ይነገረዋል። ሲነገረው «አስተካክለህ አንሣ» ማለት አይበቃም፤ ወረቀቱን ጠቆር ያለ ነገር ላይ አድርጎ፣ በአራቱም በኩል ቢያንስ የጣት ስፋት ያህል ጠረጴዛው እንዲታይ አርቆ እንዲያነሣ፣ ሲልክም እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል እንዲልከው ነው የሚነገረው። ወረቀቱ በእጁ ከሌለ፣ ጸሐፊዋ ቅንፉን ከፍታ ወደሚቀጥለው መስመር ትወርዳለች።